ኬ ፋክተሩን ከመነካካትህ በፊት የቪ ዳዩን ስፋት ጠይቅ

«ሰላም ለቤቱ። በ2 ሚሊ ላሜራ 60 በ40 የሆነ ኤል ብራኬት በሶሊድወርክስ ሠርቼ፣ ሌዘር አስቆርጬ አሳጠፍኩት። 40 መሆን ያለበት ክንፍ ሁሌ 0.8 ሚሊ ገደማ ረዝሞ ይመጣል፣ ቀዳዳውም አይገጥምም። ኬ ፋክተሩን ስንት ላድርገው?»

ሰላም ወንድም።

1. ኬ ፋክተሩን ለጊዜው ተወው። ሶሊድወርክስ ሲከፈት ያገኘኸውን 0.5 እንዳለ ተውከው፣ የውስጥ ራዲየሱንም 1 ሚሊ ብለህ አለፍከው ብዬ እገምታለሁ፤ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች የተዘረጋው ላሜራ ርዝመት 97.14 ይመጣል፣ ትክክለኛው ደግሞ ከ96.3 ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ ያንተው 0.8 ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ኬ ፋክተር ማለት ላሜራው ሲታጠፍ የማይሳበውና የማይጨመቀው መስመር ከውስጥ ፊት ስንት እጅ ውፍረት ላይ እንዳለ የሚናገር ቁጥር ነው። 0.5 ልክ መሃል ማለት ነው፤ በተግባር መስመሩ ወደ ውስጥ ይጠጋል፣ ለተራ ብረት 0.44 አካባቢ ይሆናል። ግን ራዲየሱን 1 ላይ ትተህ 0.5ን ወደ 0.44 ብትቀይር የምታስተካክለው 0.19 ሚሊ ብቻ ነው። የቀረው 0.65 ከራዲየሱ የመጣ ነው። በኬ ፋክተር ብቻ ልታስገድደው ብትሞክር 0.23 ላይ ትደርሳለህ፤ ይህ ብራኬት ይገጥምልሃል፣ ውፍረት ወይም ዳይ የተቀየረ ቀን ግን ሁሉም ይበላሻል፣ ለምን እንደሆነም ማወቂያ የለህም።

2. ራዲየሱን የሚወስነው ስክሪንህ አይደለም፣ ማጠፊያው ላይ ያለው የታችኛው ቪ ዳይ ነው። ፓንቹ ላሜራውን ወደ ቪው ሲጫነው ላሜራው ዳዩን የሚነካው ሁለቱ ትከሻዎች ላይ ብቻ ነው፣ መሃሉ አየር ላይ ነው የሚታጠፈው። ስለዚህ ቪው ሲሰፋ ራዲየሱም ይሰፋል። ለተራ ብረት የውስጥ ራዲየሱ የቪው ስፋት 16 በመቶ ገደማ ነው፣ ለስቴንለስ 20 በመቶና ከዚያ በላይ። ለ2 ሚሊ ላሜራ የተለመደው ባለ 16 ሚሊ ቪ ነው፤ እሱ የሚሰጥህ ወደ 2.5 ሚሊ ነው። አንተ የሳልከው 1 ሚሊ በዚያ ማሽን ላይ አይወጣም። የፓንቹ ጫፍ ከዚህ የሚሰፋ ከሆነ ደግሞ ራዲየሱን የሚሰጥህ ፓንቹ ነው።

እዚህ ላይ የሚያናድደኝን ልናገር። ዲኤክስኤፍ ተቀብለው፣ ሂሳብ ተቀብለው፣ «በስንት ቪ ነው የምታጥፉት?» ሲባሉ «አንተ ስዕሉን አምጣ፣ ሌላውን ለኛ ተወው» የሚሉ ቤቶች አሉ። ከዚያ ብራኬቱ አልገጥም ሲል ጥፋተኛው ስዕሉ ይሆናል። ከመክፈልህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ፦ የቪው ስፋት፣ የፓንቹ ጫፍ ራዲየስ፣ የላሜራው የተለካ ውፍረት። ውፍረቱን በካሊፐር ራስህ ለካ። «2 ሚሊ» ተብሎ የተሸጠው 1.8 ከሆነ በአንድ እጥፋት ብቻ 0.26 ሚሊ ያሳስትሃል።

መልስ ካልሰጡህ ደግሞ ማጠፊያው ራሱ ይመልስልህ። ከዚያው ላሜራ 100 በ50 ሚሊ የሆኑ ሦስት ቁራጮች አስቆርጥ። 100 የተባለውን ርዝመት ሳይታጠፍ ለካ፤ ሌዘሩ ትንሽ ሊበላ ወይም ሊያስተርፍ ይችላልና የምትሠራው በተለካው ቁጥር ነው። ከዚያ ርዝመቱ ለሁለት ተከፍሎ መሃል አካባቢ በ90 ዲግሪ ይታጠፍልህ። ልክ መሃል መሆን የለበትም፣ ሁለቱን ክንፎች ስለምትደምር ልዩነቱ ይጠፋል። በጣም የሚያስፈልገው ማዕዘኑ ነው፦ ላሜራው ከፓንቹ ሲለቀቅ ትንሽ ስለሚመለስ በስኳድራ አረጋግጥ። 92 ላይ የቀረ ቁራጭ የውሸት ቁጥር ነው የሚሰጥህ።

አሁን ሁለቱን ክንፎች ከውጭ ፊት እስከ ጫፍ ለካ። ለምሳሌ 52.1 እና 51.6 ወጣ እንበል። ራዲየሱን በራዲየስ ጌጅ እይ፤ ጌጅ ከሌለህ የድሪል ፑንታ ለስላሳ ጭራ ይበቃል። ባለ 5 ሚሊ ፑንታ ውስጠኛው ጥግ ላይ ብርሃን ሳያሳልፍ ከተቀመጠ ራዲየስህ 2.5 ነው።

```
BD = 52.1 + 51.6 - 100 = 3.7
BA = 2 x (2.5 + 2) - 3.7 = 5.3
K  = (5.3 / 1.5708 - 2.5) / 2 = 0.437
```

BD ቤንድ ዲዳክሽኑ ነው፣ 3.7፤ ከውጭ ልኮች ድምር ላይ የምትቀንሰው እሱን ነው። BA ቤንድ አላውንሱ ነው፣ እጥፋቱ ራሱ የሚወስደው የላሜራ ርዝመት፤ K ደግሞ ኬ ፋክተሩ። ያንተ ብራኬት 60 + 40 − 3.7 = 96.3 ሆነ ማለት ነው። የሦስቱን ቁራጮች አማካይ ውሰድ፤ አንዱ ከሌሎቹ በ0.2 ከራቀ ማዕዘኑን ደግመህ እይ።

ሶሊድወርክስ ላይ ከዝርዝሩ Sheet-Metal የሚለውን ከፍተህ ራዲየሱን 2.5 አድርግ፣ ከዚያ ወይ K-Factor መርጠህ 0.437፣ ወይ Bend Deduction መርጠህ 3.7 ጻፍ። ሁለተኛው የሚሠራው ለ90 ዲግሪ ብቻ ነው፤ 45 ወይም 120 ያለበት ሥራ ከሆነ በኬ ፋክተሩ ሂድ። የክንፉ ርዝመት Outer Virtual Sharp ላይ መለካቱንም ተመልከት፤ Inner ላይ ከሆነ 40 ያልከው ከውጭ 42 ይሆናል። Flatten ስትለው በ Measure 96.3 ካላነበብክ ፋይሉን አትላክ።

ዲኤክስኤፉን ስታወጣ የማጠፊያ መስመሩን ወይ አጥፋው ወይ በሌላ ሌየር አድርገው። ከመቁረጫው መስመር ጋር አንድ ሌየር ላይ ከተውከው ሌዘሩ ብራኬቱን ለሁለት ይቆርጥልሃል። ይህ በየጊዜው ይደርሳል።

ስለ ቀዳዳው ደግሞ፦ ትርፉ 0.8 ሙሉ በሙሉ 40 ላይ የወደቀው አጣፊው ከ60ው ጫፍ ስለሚደግፍ ነው። 60 ልክ ይወጣል፣ ስህተቱ ሁሉ ማዶ ይሄዳል። ቀዳዳው ያለው 40 ላይ ከሆነ ስዕሉ ላይ «መደገፊያ ከዚህ ጫፍ» ብለህ 40ውን ምልክት አድርግ፤ የማጠፊያው መስመር ከዚያ ጫፍ 38.15 ላይ ነው፣ 40 ሲቀነስ የ3.7 ግማሽ። ያኔ የቀረችው ትንሽ ስህተት ማንም ወደማይለካው ጫፍ ትሄዳለች። የቀዳዳው ዳር ከማጠፊያው መስመር 8 ሚሊ፣ ማለትም ከቪው ግማሽ፣ ካነሰ ግን በየትኛውም ጫፍ ብትደግፈው ቀዳዳው ወደ እጥፋቱ ተስቦ ይሞላላል፣ ቦልቱም አይገባም። እንደዚያ ከሆነ ቀዳዳውን አርቀው፤ ማራቅ ካልቻልክ ከታጠፈ በኋላ ይበሳ።