«እርስዎ» እንግሊዝኛ ላይ የት ይገባል? ጥያቄና መልስ

ደሴ ላይ የሰዎችን አጫጭር መልእክት ወደ እንግሊዝኛ እተረጉማለሁ። የመጡልኝን ጥያቄዎች እነሆ።

«እንግሊዝኛው ሁሉንም ‹ዩ› ነው የሚለው። ክብሩን በምን ላሳየው?» (ከኮምቦልቻ)

አቻ ቃል አትፈልግ፤ የለም። ክብሩን በአጠራሩና በልመናው አቀራረብ አስገባው። በቅርቡ አንዲት ተከራይ ይህን አመጣችልኝ፦ «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ቧንቧው ፈንድቷል። ሲመችዎት ሰው ይላኩልን።» አከራዩ ውጭ ነው የሚኖሩት፤ የቤቱን ጉዳይ የያዙት አማርኛ የማያውቁት ባለቤታቸው ናቸው። ልጅቷ ራሷ «ሴንድ አስ ሳምዋን» ብላ ጀምራው ነበር። ይሄ ትእዛዝ ነው! «ፕሊዝ» ቢጨመርበትም ትእዛዝነቱ አይለቀውም። «ኩድ ዩ ሴንድ ሳምዋን ዌን ዩ ሃቭ ታይም?» አልነው። «ጋሼ»ን እንዳለ ተውነው። «ዳድ» ብንለው ኖሮ አባቷ ይመስሉ ነበር።

ለጓደኛ «ሰው ላክልን» ብትል ኖሮ ግን «ሴንድ ሳምዋን» ይበቃ ነበር። እዚያ ላይ «ኩድ ዩ» ቅርበቱን ያቀዘቅዘዋል።

«እኔ በየዓረፍተ ነገሩ ‹ሰር› አስገባለሁ። ልክ ነኝ አይደል?» (ከወልድያ)

መጀመሪያ ላይ አንዴ ከሆነ ልክ ነሽ። አማርኛ በየግሡ የሚያከብረው ሰዋስዉ ስለሚያስገድደው ነው። «ሰር»ን ስትደጋግሚው ግን ሻጭ ደንበኛውን የሚያባብል ይመስላል።

«ለአባቴ ‹መድኃኒቱን ወሰዱ?› ብዬ ጻፍሁ። ለውጭ አገር ሙሽራችን ሲተረጎምላት ‹እነሱ ወሰዱ?› ሆነ። ማነው የተሳሳተው?» (ከሐይቅ፣ አንድ አባት)

እርስዎ አልተሳሳቱም፣ አባቴ። «እርስዎ ወሰዱ»ና «እነሱ ወሰዱ» ግሣቸው አንድ ነው፤ በአጭር መልእክት ደግሞ ተውላጠ ስሙ ይቀራል። ልዩነቱ የሚታየው ቅጥያው ላይ ነው። «መድኃኒትዎን» ቢሉ እርስዎ፣ «መድኃኒታቸውን» ቢሉ እነሱ ወይም እሳቸው ነው። «ደወለልዎት»ና «ደወለላቸው»ም እንደዚሁ ይለያያሉ። ቅጥያ ከሌለ ተርጓሚው መልእክቱ ለማን እንደሆነ መጠየቅ አለበት። በ«እርስዎ» ፋንታ «አንቱ» የሚሉ ቢሆንም ግሡ ያው ነው።

«የእንግሊዝኛውን ‹ዩ› ለሴት ‹አንቺ› ልበለው?» (ከመርሳ)

ይሄ የተገላቢጦሹ ነው። ዕድሜዋንና ቅርበታችሁን እይ፤ ካላወቅህ «እርስዎ» በል።

«እህቴ ሁሌ ‹አንተ› ነው የምትለኝ። ስትቆጣ ግን ‹እርስዎማ ምን ቸገረዎት› ብላ ትጽፋለች። ይሄስ?» (ከደሴ)

እኔ ከስምህ ፊት «ሚስተር» ጨምሬ እጽፈዋለሁ፤ በወንድምና በእህት መካከል ሲገባ ኩርፊያው ይሰማል። አብራኝ የምትሠራው ተርጓሚ ግን አትስማማም። «ቀልድ ይመስላል፤ ‹ተቆጥታ ነው እርስዎ ያለችህ› ብለህ ከሥሩ ጻፍ» ትላለች። ማብራሪያው ከመልእክቱ ሲረዝም ደግሞ እኔ አልወደውም። እስካሁን አልተግባባንም።