ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤት ለመመለስ የሚጻፍ መልእክት

«በአንድ የግል ድርጅት ሦስት ዓመት ሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ልጅ ለማሳደግ ብዬ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ፣ ተመራርቀን ተለያየን። አሁን መመለስ እፈልጋለሁ፤ ምን ብዬ ልጻፍ?»

እህቴ፣

1. መጀመሪያ ለቅርብ አለቃሽ ጻፊ እንጂ ለሥራ አስኪያጁ እንዳትጽፊ። ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ለሥራ አስኪያጁ የገባ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጠዋል፣ ተመርቶበት ወደ ሰው ሀብት ይወርዳል፣ መጨረሻ ላይ ለአስተያየት አለቃሽ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። እሳቸውም ጉዳዩን ከወረቀት ላይ ሲያዩት መዘለላቸው ይሰማቸዋል። «ለጊዜው ቦታ የለም» ተብሎ አንዴ ፋይል ውስጥ ከገባ ደግሞ ማስቀየሩ ከባድ ነው።

2. መደቡን በስሙ ጥሪ፤ «ማንኛውም ሥራ ቢሆን» አትበይ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 11፣ ሠራተኛ በዚያው አሠሪ ለዚያው ሥራ ተመልሶ ሲቀጠር ለሙከራ አይቀጠርም ይላል። በሌላ መደብ ከገባሽ ግን እስከ 60 የሥራ ቀን ሙከራ ሊይዙሽ ይችላሉ፤ «ለሥራው አልተስማማችም» ካሉም ያለማስጠንቀቂያ ያሰናብቱሻል። ሰው ሀብት ለሁሉም አንድ ዓይነት ውል ስለሚያስፈርም የሙከራው መስመር ሳይሰረዝ ይቀራል። ስንቱ ሳያነብ እንደሚፈርም ሳስብ እናደዳለሁ። ከመፈረምሽ በፊት ያንን መስመር ፈልጊና አሰርዢው።

መልእክቱ ይህን ያህል ይበቃዋል፦

«ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበቱ? ከመስከረም 2012 እስከ ነሐሴ 2014 በእርስዎ ሥር በሒሳብ ሠራተኛነት ሠርቼ፣ ርክክብ ፈጽሜና ክሊራንስ ወስጄ ለቅቄ ነበር። የለቀቅሁበት ምክንያት ልጄን ለማሳደግ ነበር፤ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። የሒሳብ ሠራተኛ መደብ ክፍት ከሆነ ወይም በቅርቡ የሚከፈት ከሆነ ተመልሼ መሥራት እፈልጋለሁ። ከፈቀዱልኝ ማመልከቻዬን ለሰው ሀብት አስገባለሁ።»

ደመወዝ እዚህ ውስጥ አይነሳም። አለቃሽ ቦታ መኖሩን እንኳ ሳያረጋግጡ ዋጋ የጠየቅሽ ይመስላል፤ እሱ ከሰው ሀብት ጋር የሚነገር ነው። ቀኖቹን ግን በትክክል ጻፊ፣ ፋይልሽ የሚወጣው በእነሱ ነው።

ፋይሉ ሲወጣ መጀመሪያ የሚታየው ምርቃቱ ሳይሆን ክሊራንሱ ነው። አንቺ ሒሳብ ስለነበርሽ በተለይ የፋይናንስ ፊርማ መኖሩን ከመጻፍሽ በፊት ቅጂሽ ላይ አረጋግጪ። በስምሽ ወጥቶ ያልተወራረደ ገንዘብ፣ 500 ብርም ብትሆን፣ «በሰላም ለቀቀች» የሚለውን ቃል ታበላሻለች። ካለ መጀመሪያ እሱን ዝጊ፣ ደረሰኙንም ያዢ።

አንዳንድ ድርጅት ያለ ማስታወቂያ አይቀጥርም። «ሲወጣ ተወዳደሪ» ቢሉሽ እንደ እምቢታ አትቁጠሪው፤ መቼ እንደሚወጣና የት እንደሚለጠፍ ጠይቂ። ሁለት ሳምንት ዝም ካሉ ደግሞ ሌላ ደብዳቤ አትጨምሪ፣ አንድ ጊዜ ደውዪ።