«ጎደለ» እና «አጎደለች»

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ስልክ ደወለችልኝ። ፒያሳ አካባቢ ካፌ ውስጥ የሽፍት ኃላፊ ናት። «ጋሼ፣ ትናንት 8 ሰዓት ላይ ሽፍት ስንቀያየር ከመሳቢያው 640 ብር ጎደለ። ማሽኑ ላይ ጠዋት ሁለት ልጆች ሠርተዋል። ማንንም ሳልነካ ለማናጀሩ እንዴት ብዬ ልጻፍ?» አለችኝ።

ቶሎ አልመለስኩላትም። «ማታ ልደውልልሽ» ብዬ ዘጋሁት። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። እንዲህ ያለ ወረቀት እኔም አንድ ቀን ጽፌ ነበር፤ እሱ ትዝ ብሎኝ ነው።

ጥር 10 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ከተራ። እዚሁ ጎንደር፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። በዚያን ቀን ጎንደርን የሚያውቅ ያውቃታል። ከሰዓት ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ። ከዚያ በፊት ያለው ምሳ ሰዓት ግን ሰው በሰው ላይ ነው። ፈረንጁ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው፣ ከገጠር የገባው ዘመድ፣ ሁሉም እኩል ይርበዋል። ወጥ ቤቱ ይጮኻል። ዝርዝር የሚባል ነገር ከከተማው ይጠፋል።

የጠዋቷ ካሸር ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ብሩን ስትደረድር ፊቱን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ታደርገዋለች። የተቀደደ ኖት ከመጣ በጠባብ ፕላስተር ትለጥፈዋለች። 8 ሰዓት ላይ ርክክብ ደረሰ። ቆጠራው ላይ እኔ ቆምኩ። መነሻው 1,000 ብር፣ ማሽኑ የሽፍቱን ሽያጭ ደምሮ በሚያወጣው ኤክስ ሪፖርት ላይ የታየው የጥሬ ገንዘብ ሽያጭ 14,385 ብር። ከመሳቢያው ጠዋት ለቅቤና ለከሰል ተከፍሏል። የክፍያ ወረቀቱን አይቼ ቅጹ ላይ 1,260 ብር ብዬ አሰፈርኩ። ስለዚህ መሳቢያው ውስጥ 14,125 ብር መገኘት ነበረበት። ስንቆጥር የተገኘው 13,225 ብር ነው። 900 ብር የለም።

ደግመን ቆጠርን። ያው ነው። ውጭ ከበሮው ይሰማል። እኔም ልቤ ታቦቱ ጋ ነው፤ ነጠላዬን ወንበር ላይ አስቀምጬ ነበር። ቅጹን ደግሜ ማየት ሲገባኝ ብሩን ብቻ ደግሜ አስቆጠርኩ። ከዚያም ለባለቤቱ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የጠዋቱ ሽፍት ካሸር እከሊት በዛሬው ዕለት ብር 900 አጎድላለች።»

ሦስት መስመር እንኳ አይሞላም። ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ።

ባለቤቱ በማግስቱ ጠራት። ምን እንዳላት አልሰማሁም። ስትወጣ ግን በጠረጴዛዬ በኩል አለፈችና «እኔ አስረከብኩ፤ የቆጠራችሁት እናንተ ናችሁ» አለችኝ። ሌላ ነገር አልተናገረችም። 900 ብሩ ከደመወዟ እንዲቆረጥ ተባለ። ሳምንት ሳይሞላ ሥራውን ለቀቀች። ሁለት ወር የማይሞላ ሥራ ነው፣ ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ጥር 30 የወር ሂሳብ ስዘጋ የክፍያ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋሁ። የከተራዋ ወረቀት መጣች። ቅቤ 12 ኪሎ በ120፣ 1,440 ብር። ከሰል 6 ማዳበሪያ በ120፣ 720 ብር። ድምር 2,160 ብር። ቅጹ ላይ 1,260 ብሎ የጻፈው የእኔ እጅ ነው። ሁለቱን አሃዞች አገለባብጫቸዋለሁ። 900 ብሩ ለቅቤና ለከሰል ነጋዴዎቹ ተከፍሏል፤ መሳቢያው አልጎደለም፤ ልጅቷም ምንም አላጎደለችም።

ገንዘቧ ተመለሰላት። ከዚህ በላይ የሚያሳፍረኝ ግን ማስተካከያው ላይ የጻፍኩት ነው። «የጥር 10 ጉድለት ተስተካክሏል» አልኩ። ማን እንደተሳሳተ አልጻፍኩም። ስትሳሳት ስሟን ጽፌ፣ ስሳሳት ስሜን ደበቅኩ። እሷም እኮ አልተሳሳተችም ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ አዘዞ አንድ ሱቅ ገብቼ ስኳር ስገዛ ሻጯ እሷ ሆና አገኘኋት። ሰላም አለችኝ፣ ስለ ቤተሰቤ ጠየቀችኝ። መልሴን ስትሰጠኝ ሁለት ጊዜ ቆጠረችው፤ አንድ ጊዜ በእሷ እጅ፣ አንድ ጊዜ ባንኮኒው ላይ፣ እኔ እያየሁ። ይቅርታ ልላት አስቤ ነበር። ሌላ ደንበኛ ገባ።

ማታ ለልጅቷ ደወልኩ። መጀመሪያ ረቂቋን አስነበብኳት። «የጠዋቱ ሽፍት ሠራተኞች 640 ብር አጉድለው ተገኝተዋል፤ ሆኖም እኔ በግሌ ማንንም አልጠረጥርም» ይላል።

አያችሁ፣ ችግሩ አንዲት ፊደል ላይ ነው። «ጎደለ» ስትሉ የምታወሩት ስለ ብሩ ነው። «አጎደለ» ካላችሁ ሰው ገባበት። «ጠፋ» ደግሞ ብዙ ሰው ጆሮ ውስጥ «ተሰረቀ» ሆኖ ይገባል። እኔ «ልዩነት» የምትለውን ቃል እመርጣለሁ። በሚጠበቀውና በተቆጠረው መካከል ያለ ልዩነት። ሁለቱም ወገን ሊሳሳት ይችላልና፤ የእኔው ከተራ ላይ የተሳሳተው የሚጠበቀው ቁጥር ነበር፣ የተቆጠረው ልክ ነበር።

«ማንንም አልጠረጥርም» የሚለውንም አስወጣኋት። ደግነት ይመስላል፤ ግን ማናጀሩ እስከዚያ ድረስ ጥርጣሬ አላሰበ ከሆነ ያን ጊዜ ያስባል። ያልተጠየቀ ምስክርነት ነው።

«የጠዋቱ ሽፍት» የሚለውም አይሆንም። ልዩነቱ በርክክብ ሰዓት ታየ እንጂ በርክክብ ሰዓት ደረሰ ማለት አይደለም። የምናውቀው ሁለት ቆጠራዎችን ነው፦ ልክ የመጣውን የመጨረሻ ቆጠራና ልዩነት ያሳየውን። በመካከሉ መሳቢያውን የከፈተ ሁሉ አለ፤ ዝርዝር ልትሰጥ የከፈተችው የሽፍት ኃላፊም አለችበት። «አንቺስ ከፍተሽ ነበር?» ብላት ዝም አለች። ከዚያ «ሁለቴ» አለችኝ። እንግዲህ ስም የሚጻፍ ከሆነ የሷም ይጻፍ፤ ካልሆነ የመሳቢያው ቁጥር ይበቃል።

ስም ጭራሽ አይጻፍ ማለቴ ግን አይደለም። ርክክብ ቅጹ ላይ አስረካቢም ተረካቢም ቆጣሪም በስማቸው መፈረም አለባቸው። እዚያ ስሙ የሚመሰክረው ቆጠራው ላይ መገኘትን ነው። ትንሽ የሚጋጭ ይመስላል፣ አውቃለሁ።

ከመጻፉ በፊት ግን ሥራ ይቀራል። የክፍያ ወረቀቶቹን ከቅጹ ጋር፣ አሃዝ በአሃዝ፣ በሌላ ሰው ዓይን አስተያዩ። ልዩነቱ ለ9 እኩል ከተካፈለ ጎን ለጎን ያሉ አሃዞች ተገለባብጠው እንደሆነ ጠርጥሩ፤ የእኔ 900 ይካፈላል። ማረጋገጫ አይደለም፣ የት እንደምትፈልጉ የሚጠቁም ነው። የእሷ 640 አይካፈልም። ስለዚህ ወደ ቴሌብር ላክኋት። እኛ ዘመን ይህ ጣጣ አልነበረም። ዛሬ ደንበኛው በስልክ ይከፍላል፣ ካሸሯ በወከባ ማሽኑ ላይ «ጥሬ ገንዘብ» ብላ ትመታዋለች። ኤክስ ሪፖርቱ ገንዘቡን መሳቢያ ውስጥ ይጠብቃል፤ ገንዘቡ ግን ስልኩ ውስጥ ነው። ደረሰኝና የክፍያ መልእክት በሰዓት እያመሳሰላችሁ መፈለግ ነው። አሰልቺ ነው። የዛሬ ልጆች እንዲህ ያለ ነገር ላይ አትቀመጡም፤ ጉድለት እንዳያችሁ ቅጹን ፎቶ አንስታችሁ የሥራ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ትለጥፋላችሁ። አርባ ሰው ያየውን ፎቶ በኋላ ማን ይመልሰዋል? የእኔን ወረቀት ቢያንስ አንድ ሰው ብቻ ነበር ያነበበው። እኔ ግን እናንተን የመውቀስ መብት የለኝም፤ ከበሮ ሰምቼ የሮጥኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ደወለች። 380 ብር አገኘች። 5 ሰዓት ከሩብ ላይ የተቆረጠ ደረሰኝ፣ በጥሬ ገንዘብ የተመታ፤ በዚያው ደቂቃ 380 ብር ቴሌብር ላይ ገብቷል። ከዚያ አብረን ጻፍነው፦

«ከጠዋቱ 12፡30 በመሳቢያ ቁጥር 1 መነሻ 2,000 ብር ተቆጥሯል፤ ልዩነት አልነበረም። ከቀኑ 8፡10 በሁለት ሰው ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ 18,430 ብር ተገኝቷል። የጥሬ ገንዘብ ሽያጭ በኤክስ ሪፖርት 18,220 ብር፣ ከመሳቢያ የተከፈለ 1,150 ብር ስለሆነ የሚጠበቀው 19,070 ብር ነው። ልዩነቱ 640 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 380 ብር በቴሌብር ተከፍሎ በጥሬ ገንዘብ የተመዘገበ ሆኖ ተገኝቷል፤ ደረሰኙ ተያይዟል። የቀረው የ260 ብር ልዩነት ምክንያት እስካሁን አልታወቀም። የክፍያ ወረቀቶችና የተሰረዙ ደረሰኞች ታይተዋል። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል መሳቢያው በሦስት ሰዎች ተከፍቷል፤ አንዷ እኔ ነኝ።»

ከመስጠቷ በፊት ለሁለቱ ካሸሮች እንድታነብላቸው ነገርኳት። ስለራሳቸው የተጻፈ ወረቀት ከማናጀር አፍ መጀመሪያ መስማት የለባቸውም። አነበበችላቸው። አንደኛዋ «5 ሰዓት ላይ ለወተት 100 ብር ሰጥቼ ወረቀት አልቆረጥኩም መሰለኝ» አለች። ወተት አምጪው ተጠየቀ፤ «አዎ፣ ተቀብያለሁ» አለ። ወረቀቱ ተቆርጦ ተፈረመበት፤ ቁጥሩም ተስተካከለ። ቀሪው 160 ብር።

ማናጀሩ አንብቦ «ታዲያ ማነው?» አለ አሉ። «አላውቅም» አለችው። እሱም 160 ብሩን እኩል ክፈሉ፣ ከደመወዛችሁ ይቆረጥ አለ። ይህ በቃል የሚያልቅ ነገር አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ከደመወዝ ለመቁረጥ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛውን የጽሑፍ ስምምነት ይጠይቃል። ልጅቷ በትሕትና ይህን ነገረችው። እሱም ለጊዜው ተወው።

እኔ ድሮ እንዲህ ሲሆን ከኪሴ ከፍዬ ቅጹን ልክ አድርጌ አውቃለሁ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ልዩነቱን መደበቅ ነው፤ በሚቀጥለው ወር ያው ጥፋት ቢደገም ማንም አያየውም። 160 ብሩ በወረቀት ላይ እንዳለ ይቀመጥ አልኳት።

እስከ ዛሬ አልተገኘም። ወረቀቱ ላይ «አልታወቀም» የሚለው ቃል አሁንም አለ።