«ተደርጓል» ወይስ «አድርገናል»? ስለ ጸሐፊና ስለ ሰብሳቢ ሪፖርት

ጥያቄ፦ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ለዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ የእኔንም የሰብሳቢውንም ሪፖርት የማረቅቀው እኔው ነኝ። ሁለቱ አንድ ዓይነት እየሆኑ አስቸገሩኝ። በምን ልለያቸው? «ተደርጓል» ነው ወይስ «አድርገናል» የሚባለው?

መልስ፦ ሁለቱም ይባላሉ፤ ቦታቸው ግን ለየቅል ነው። ጸሐፊ የሚናገረው መዝገብ ላይ ያለውን ነው፦ ስንት ስብሰባ እንደተካሄደ፣ ማን እንደተገኘ፣ ምን እንደተወሰነ፣ ከተወሰነው የትኛው እንደተፈጸመና የትኛው እንደቀረ። እዚህ «ተወሰነ»፣ «ተፈጸመ» ያምራል። ሰብሳቢው ግን ስለ ምክንያቱና ስለ መጪው ዓመት ነው የሚናገረው፤ ኀላፊነት የሚወስድ ሰው «አድርገናል»፣ «አልቻልንም» ማለት አለበት። ሪፖርት ሁሉ በተደራጊ ግስ ይጻፍ የሚሉ አሉ፤ ጨዋነት ይመስላቸዋል። እኔ ግን ባለቤቱን መደበቂያ ነው እላለሁ።

ወርሃዊ መዋጮን እንውሰድ። ጸሐፊው፦ «ኅዳር 12 ቀን በተደረገው ስብሰባ መዋጮው ከ100 ወደ 150 ብር ከፍ እንዲል ተወሰነ፤ ከጥር ወር ጀምሮ ተፈጻሚ ሆነ።» ሰብሳቢው፦ «መዋጮውን ያሳደግነው የድንኳንና የቀብር ወጪ ስለ ናረብን ነው፤ ለአቅመ ደካሞች ግን መፍትሔ አላበጀንም።» ገቢና ወጪውን ለገንዘብ ያዡና ለኦዲተሩ ይተዉላቸው።

ብዙ ጊዜ ክርክር የሚያስነሣው የአባላት ቁጥር ነው። «በዓመቱ መጀመሪያ 212 ነበሩ፤ 9 ገቡ፣ 3 ለቀቁ፣ 2 በሞት ተለዩ፤ አሁን 216 ናቸው» ብለው ይጻፉ፤ ማንም ደምሮ ያረጋግጣል። ሰብሳቢው በንግግሩ «ከ230 በላይ አባላት» ካለ ግን አንዱ እጁን ያወጣል፦ ደንባችሁ ጉባኤ የሚካሄደው ከግማሽ በላይ አባላት ሲገኙ ነው የሚል ከሆነ ለ216 የሚያስፈልገው 109 ሰው ነው፣ ለ230 ደግሞ 116። አዳራሹ ውስጥ ያሉት 112 ቢሆኑ የጉባኤው ሕጋዊነት ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

እግረ መንገዴን፦ ይህን ቁጥር «ምልዓተ ጉባኤ» ብለው በዐይኑ ዐ የሚጽፉት በርክተዋል። ሥሩ የግእዙ «መልአ» ነው፤ ከእሱ «ምልአት» ወጣ፣ በአማርኛም «ሞላ» የሚለው ዘመዱ ነው። ስለዚህ በአልፋው አ «ምልአተ ጉባኤ» ይጻፍ። «ጉባኤ»ም «ተጋብአ»፣ ማለትም «ተሰበሰበ»፣ ከሚለው ጋር ይዛመዳል። እንግዲህ «ምልአተ ጉባኤው ተሟላ» ማለት «የጉባኤው ሙላት ተሟላ» ነው፤ ለእኔ «ጉባኤው ሞላ» ይበቃ ነበር። ዳሩ ግን ሕጉም ደንቡም «ተሟላ» ብሎ ለምዷል፤ ልብዎ እያዘነም ቢሆን ይጻፉት።

ደንባችሁ ቅደም ተከተሉን ካልወሰነ የጸሐፊው ይቅደም፤ ሰብሳቢው ያን ጊዜ የተነበበውን ሳይደግም በአንድ ገጽ ተኩል ይጨርሳል። በብዙ ቦታ ሰብሳቢው ነው የሚቀድመው፤ እንደዚያ ከሆነ ረቂቁን ከእርስዎ ቁጥሮች ጋር ከጉባኤው በፊት ያስተያዩት።