አይኪው 70 በመቶ በዘር ነው ሲባል

«የአእምሮ ብቃት 70 በመቶ በዘር ነው ይላሉ። እኔ አባቱ ልጄ ላይ የምለውጠው 30 በመቶውን ብቻ ነው?»

አይደለም ወንድሜ። ቁጥሩ የልጅህን ጭንቅላት ለሁለት አይከፍልም። የታወቀው 70 በመቶ እ.ኤ.አ. በ1990 ከታተመው የሚኒሶታ ጥናት የመጣ ነው። እዚያ ተለያይተው ያደጉ ተመሳሳይ መንትዮች አይኪው ተለካ። ውጤቱ የሚለው፣ በተጠኑት ሰዎች መካከል ከታየው የነጥብ ልዩነት 70 በመቶ ያህሉ ከዘረመል ልዩነት ጋር ይያያዛል ነው። ስለ አንድ ሰው ምንም አይልም። ደግሞ ከመንትዮቹ መካከል በከፋ ድህነት ያደጉት ጥቂት ነበሩ። አስተዳደጉ ሲቀራረብ በአስተዳደግ የሚመጣው ልዩነት ይጠብባል፣ የዘር ድርሻው ደግሞ በስሌት ያብጣል። ይቺን ብዙ ሰው ይዘላታል።

አሁን የስዊድኑን የጉዲፈቻ ጥናት እይ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ነው የታተመው። 436 ጥንድ ወንድማማቾች ናቸው፣ አንዱ ወላጆቹ ጋር ያደገ፣ ሌላው በጉዲፈቻ የተሰጠ። ለውትድርና ሲመዘገቡ፣ በ18 ዓመት ገደማ፣ በወሰዱት ፈተና በጉዲፈቻ ያደጉት በአማካይ 4.4 ያህል የአይኪው ነጥብ በልጠው ተገኙ። የአሳዳጊዎቹ ትምህርት ከወላጆቹ በበለጠ ቁጥር ልዩነቱም ሰፋ። ወላጆቹ ከአሳዳጊዎቹ የተሻለ የተማሩ ሲሆኑ ግን ነገሩ ተገለበጠ፣ በጉዲፈቻ የሄደው ዝቅ አለ።

በእርግጥ ተአምር አይደለም፣ 4 ነጥብ ነው። አሳዳጊዎቹም ተመርጠው የተፈቀደላቸው ቤተሰቦች ናቸው። ግን ልብ በል፦ ልጆቹ በነጥብ ቅደም ተከተል ከወለዷቸው ጋር እየተመሳሰሉም የሁሉም አማካይ አብሮ ከፍ ሊል ይችላል፣ የዘር ድርሻው ቁጥር ይህን ከፍታ ጨርሶ አይለካውም።