መልስ፦ ከገንዘቡ በፊት ሰማያዊው ቀለም

«ድሮ ጣሊያን ውስጥ የመሠዊያ ሥዕል ያዘዘ ሰው ሠዓሊውን እንዴት ነበር የሚቆጣጠረው? ወይስ ዝም ብሎ አምኖ ነው?»

ኧረ ምን ማመን! ጥቁር በነጭ ይዋዋሉ ነበር። በ1485 የፍሎረንስ ኢኖቼንቲ የሕፃናት ማሳደጊያ አለቃ ከሠዓሊው ጊርላንዳዮ ጋር የፈረመውን ውል እንይ። የማሳደጊያው ባለአደራ የሐር ነጋዴዎች ማኅበር ነበር።

የሥዕሉ ርዕስ የሰብአ ሰገል ስግደት ነው። ሠዓሊው መጀመሪያ በወረቀት ንድፍ አቀረበ፤ ውሉም «በዚሁ መሠረት ይሣል» አለ። ሥዕሉ ላይ ሄሮድስ ካስገደላቸው ሕፃናት ሁለቱ ተንበርክከው ይታያሉ። ማሳደጊያው ኢኖቼንቲ፣ ማለትም «ንጹሐን» የሚለውን ስም ያገኘው ከእነሱ ነውና።

ቀለሙንና ወርቁን የሚገዛው ሠዓሊው ነው። ታዲያ ለመቆጠብ መፈተኑ አይቀርም። ስለዚህ ሰማያዊው ከአፍጋኒስታን ድንጋይ የሚፈጨው፣ ወቄቱ አራት ፍሎሪን ገደማ የሚያወጣው እንዲሆን ተጻፈ። በዋጋ መወሰናቸው ብልጠት ነው፤ «ጥሩ ቀለም» ቢሉ ኖሮ ርካሹን ቀብቶ መከራከር ይቻላል። በሲዬና ከተማ ደግሞ የሠዓሊዎቹ ማኅበር ራሱ ርካሹን ሰማያዊ በውዱ ስም መቀባት ከልክሎ ነበር።

ዋጋው 115 ፍሎሪን፣ ጊዜው 30 ወር፣ ክፍያው በወር ሦስት ፍሎሪን። አስሉት፤ 30 ወር ሙሉ ቢከፈለው 90 ነው። ቀሪው 25 አለቃው እጅ ይቆያል። ካዘገየ 15 ፍሎሪን ይቀጣል። ለእኔ ከሁሉ የከበደው ግን ይሄ ነው፦ አለቃው ሥራው 115 አያወጣም ብሎ ካመነ፣ የፈለገውን ሰው አማክሮ ዋጋውን መቀነስ ይችላል።

ሥዕሉ በ1488 አለቀ። ዛሬም እዚያው ኢኖቼንቲ ሙዚየም አለ።