«የተዛባ ምት» ወይስ «ከምት የወጣ»?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ ለወጣቶች ኪቦርድና ከበሮ አስተምራለሁ። ልጆቹ ሄሚዮላ፣ ሲንኮፔሽንና ፖሊሪትም የሚሉትን ቃላት ከኢንተርኔት ለቅመው አንዱን በሌላው ቦታ ይጠቀሙበታል። እኔም በማስታወሻቸው ላይ ሦስቱንም «የተዛባ ምት» ብዬ ጽፌ ነበር። ባልደረባዬ ግን «ከምት የወጣ» ይሻላል አለኝ። የትኛው ነው ትክክል? ልዩነታቸውንስ በምን ላስረዳ?

መልስ፦ ሁለቱንም ይተዋቸው። «ከምት ወጣ» በእኛ አነጋገር ወቀሳ ነው። ሰርግ ላይ ጭብጨባው የጠፋበትን ሰው፣ ከዘፋኙ የቀደመውን ከበሮ መቺ እንዲህ እንለዋለን። «የተዛባ»ም ያው ነው፤ የተዛባ ነገር መስተካከል አለበት። እነዚህ ሦስቱ ግን ሊስተካከሉ የሚገባቸው ጥፋቶች አይደሉም። ይልቅ ምቱን አጥብቆ የያዘ ሰው ብቻ የሚያደርጋቸው ነገሮች ናቸው።

ለማስረዳት ብዙ ምሳሌ አያስፈልግዎትም። ስድስት ቁጥር ይበቃዎታል። ልጆቹ ከአንድ እስከ ስድስት እኩል ፍጥነት እየጠበቁ ደጋግመው ይቁጠሩ። በመጀመሪያ አንድ እና አራት ላይ ያጨብጭቡ። ስድስቱ ለሁለት ተከፈሉ፤ ሦስት ሦስት ሆኑ። ቀጥሎ አንድ፣ ሦስት እና አምስት ላይ ያጨብጭቡ። አሁን ለሦስት ተከፈሉ፤ ሁለት ሁለት ሆኑ። ቆጠራው አልፈጠነም፣ አልዘገየምም። የተለወጠው አከፋፈሉ ብቻ ነው። ሦስቱም ቃላት ከዚህ ይወጣሉ።

አንዱን አከፋፈል ለጆሮ ካስለመዱ በኋላ ሁሉም በአንድነት ወደ ሌላው ቢዞሩ ሄሚዮላ ይባላል። ቃሉ የግሪክ ነው፤ «አንድ ተኩል» ማለት ነው፤ የሦስት ለሁለት ንጽጽር። ጥንት የግሪክ ሊቃውንት ይህንኑ ቃል ለድምፅ ርቀትም ይሉት ነበር። የማሲንቆ አዋቂ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ጅማቱን በጣት ተጭነው ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ካስጮኹት፣ አምስተኛ የሚባለውን ድምፅ ያገኛሉ። ያም ሦስት ለሁለት ነው። ይህን ግን ለልጆቹ በመጀመሪያው ቀን አያንሱባቸው፤ ግራ ይጋባሉ።

በአውሮፓ የድሮ ሙዚቃ ሄሚዮላ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ሐረጉ ሊያርፍ ሲቃረብ ነው። ሃንደል በ1741 የጻፈው «መሲሕ» ውስጥ የመጀመሪያው የኅብረት ዝማሬ በሦስት በሦስት ይቆጠራል። ማረፊያው ሲደርስ ሁለት ባለ ሦስት ምት ቤቶች ተዋሕደው እንደ ሦስት ባለ ሁለት ምት ቤቶች ይሰማሉ። ሰሚው ፍጥነቱ የቀነሰ ይመስለዋል፤ ማንም ግን አልቀነሰም። ትልልቆቹ ምቶች ብቻ ተቀያየሩ። በርንስታይን በ1957 ለ«ዌስት ሳይድ ስቶሪ» የጻፈው «አሜሪካ» ደግሞ ማረፊያን አይጠብቅም፤ አንዱን ቤት በሁለት፣ የሚቀጥለውን በሦስት እያፈራረቀ ይሄዳል። ታታታ ታታታ፣ ታ ታ ታ። ለማስተማር እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ ልጆቹ አንዴ ሰምተው ያጨበጭቡታል። አቀናባሪው መነሻውን ያደረገው ዋፓንጎ የሚባለውን የሜክሲኮ ጭፈራ ነው። በሜክሲኮም ሆነ በስፔን ይህ ሁለትና ሦስትን ማፈራረቅ የቆየ የሕዝብ ልማድ ነው።

እንግዲህ ክፍሉን ለሁለት ይክፈሉት። ግማሹ አንድ እና አራት ላይ፣ ግማሹ አንድ፣ ሦስት እና አምስት ላይ በአንድ ጊዜ ያጨብጭብ። ይህ ፖሊሪትም ነው። እንደ ሄሚዮላ አንዱ ለሌላው ቦታ አይለቅም፤ ሁለቱም አከፋፈሎች አብረው ይኖራሉ። በወረቀት ላይ እንዲህ ይታያል፦

ቀኝ እጅ፦ ጭብ · ጭብ · ጭብ ·
ግራ እጅ፦ ጭብ · · ጭብ · ·

አሁን ተማሪው ብቻውን፣ በሁለት እጁ ይሞክረው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። ሁለቱን እጆች አደባልቀው ቢሰሟቸው ድምፅ የሚወጣው አንድ፣ ሦስት፣ አራት እና አምስት ላይ ነው። ረጅም፣ አጭር፣ አጭር፣ ረጅም ማለት ነው። «ሻይ አምጪልኝ» ይበሉ፤ «ሻይ»ን ትንሽ ሳብ፣ «አም» እና «ጪል»ን ቶሎ፣ «ልኝ»ን ሳብ። ጣና ዳር ቁጭ ብለው ጠረጴዛ ላይ ሊለማመዱት ይችላሉ፤ አስተናጋጇ ብቻ እንዳትመጣ።

ጀማሪ የሚሳሳትበት አንድ የታወቀ መንገድ አለ። አራቱን ድምፆች እኩል እኩል አድርጎ ይመታቸዋል። ያኔ ከሦስትም ከሁለትም ያልሆነ፣ ተራ አራት ምት ይወጣል። እርሱ ግን ፖሊሪትም የመታ ይመስለዋል። መለያው ቀላል ነው። ተማሪው ሳያቋርጥ እየመታ ሳለ ግራ እጁን ብቻ እንዲያነሣ ይንገሩት። የቀረው ቀኝ እጅ ሦስት እኩል ምት እያሰማ ከቀጠለ ተሳክቶለታል። ቀኙ ከግራው ጋር አብሮ ከተንገዳገደ፣ ሁለት ምት አልያዘም፤ አንድ የተጠማዘዘ ምት ሸምድዷል። ግራውን አስቀርተው ቀኙን በማንሣትም ይፈትኑት። ብዙዎች በአንዱ ያልፉና በሌላው ይወድቃሉ።

ከዚህ የረቀቀውን ለማሳየት ከፈለጉ የጋናና የቶጎ ኤዌዎችን ያሰሟቸው። ጋንኮጉዊ የሚባል የብረት ደወል አላቸው። ዙሩ አሥራ ሁለት ጥቃቅን ምት ነው። ደወሉ የሚመታው 1፣ 3፣ 5፣ 6፣ 8፣ 10 እና 12 ላይ ነው፤ ሰባት ጊዜ። የጨፋሪው እግር ደግሞ በአራት ትልልቅ ምት ይሄዳል፤ 1፣ 4፣ 7 እና 10 ላይ። አስተያዩአቸው። እግርና ደወል የሚገናኙት 1 እና 10 ላይ ብቻ ነው። 4 እና 7 ላይ እግሩ ሲያርፍ ደወሉ ዝም ይላል። እንግዳ ሰው ደወሉን ተከትሎ ሊረግጥ ሲሞክር ይወድቃል። የአገሩ ሰው ግን እግሩን አይጠይቅም፤ ዙሩን በሙሉ ነው የያዘው።

ለእኛ ልጆች ይህ ባዕድ አይደለም። ችክችካ የምንለው በስድስት ጥቃቅን ምት የሚሄድ ነው። ጭብጨባው ሁለቱን ትልልቅ ምቶች ይዞ ሳለ፣ ከበሮው ወይም ማሲንቆው በመሐል ሦስቱን ብቅ ሊያደርግ ይችላል። አዝማሪ ቤት ሲገቡ ወይም በጥምቀት ወጣቶቹ እየጨፈሩ በአጠገብዎ ሲያልፉ አንድ ነገር ያድርጉ። በጭብጨባው ይቁጠሩና፣ ቆጠራውን ሳይለቁ ጆሮዎን ወደ ከበሮው ያዙሩ። ከበሮው ሰፊው ፊቱ ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ አለው። ወፍራሙን ብቻ ለይተው ከሰሙ፣ ቀጥለውም ቀጭኑን ብቻ፣ ማን ሁለት ማን ሦስት እንደያዘ ይገባዎታል። ሁሌ ያገኛሉ አልልም፤ አንዳንዱ ዘፈን ሁሉንም በሁለት ብቻ ይሄዳል።

የቀረው ሲንኮፔሽን ነው። ልጆቹ አብዝተው የሚያጠፉትም ይህን ስም ነው፤ የሚወዛወዝ ነገር ሁሉ ሲንኮፔሽን ይባላል። እዚህ ሁለት አከፋፈል የለም። አንድ ነው። ስድስቱን አንድ እና አራት ላይ እየቆጠሩ፣ እግርዎን ሳያቆሙ፣ እጅዎን አራት ላይ ትተው ሦስት ላይ ያጨብጭቡ። ጉልበቱ ሊወድቅ ከሚገባው ቦታ ቀድሞ ወደቀ። እግርዎ ግን አራትን አልረሳም። ያ የመጎተት ስሜት ነው ሲንኮፔሽን።

ስኮት ጆፕሊን በ1899 ያሳተመው «ሜፕል ሊፍ ራግ» ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው። የፒያኒስቱ ግራ እጅ በሁለት በሁለት ያለማወላወል ይሄዳል። ቀኝ እጁ ድምፆቹን በመሐል በመሐል ይጥላቸዋል። ግራውን ዘግተው ቀኙን ብቻ ቢያሰሙ ጨዋታው ግማሹ ይጠፋል። ሬጌም እንዲሁ ነው። ጊታሩ ከጠንካራው ምት ማግስት ባለው ደካማ ቦታ ላይ ይቆርጣል። ባሱንና ድራሙን ያጥፉና ጊታሩን ለብቻው ለአዲስ ሰው ያሰሙት። ብዙ ሳይቆይ ጊታሩ ላይ መርገጥ ይጀምራል። ለእርሱ ያ ደካማ ቦታ ጠንካራ ሆነ፤ ሲንኮፔሽኑም አለቀ።

ስለዚህ ሲንኮፔሽን በወረቀቱ ላይ ብቻ የለም፤ ሰሚው ውስጥ የተያዘ ምት ይፈልጋል። ጉልበቱ በተነሣበት ቦታ ብዙ ከቆየና የመጀመሪያውን ምት የሚያስታውስ መሣሪያ ከሌለ፣ ጆሮ ምቱን ራሱን ወደዚያ ያዛውረዋል። ተማሪ «ሲንኮፔሽን አቀናበርኩ» ሲልዎት፣ መጀመሪያ «ምቱን ማን ይዞታል?» ብለው ይጠይቁት። ባሱም፣ ከበሮውም፣ ጭብጨባውም አብረው ከዞሩ ያቀናበረው ሌላ ተራ ምት ነው።

ወደ ማስታወሻዎ ልመለስ። ቃላቱን በግዕዝ ፊደል እንዳሉ ይጻፏቸው፤ «ሪትም»ንም «ቢት»ንም እንደዚሁ ነው የወሰድነው፤ ማንም አልተጎዳም። ማብራሪያውን ግን በአማርኛ ግስ ያድርጉት። ለሄሚዮላ «አቆጣጠሩ ከሁለት ወደ ሦስት ዞረ»። ለፖሊሪትም «ሁለትና ሦስት ተደራርበው ሄዱ»፤ ስም ካስፈለገዎት «ተደራራቢ ስልተ ምት» ያስኬዳል። «ብዙ ምት» ግን አይበሉ፤ አንባቢ በፍጥነት የሚደለቅ ከበሮ ይመስለዋል። ለሲንኮፔሽን «ጉልበቱ ከቦታው ተነሣ» ይበሉ። «ጠብቆ ተመታ» የሚለውን እዚህ ባያስገቡት ይሻላል፤ ማጥበቅና ማላላት ለፊደል የተያዘ ሥራ ነው፣ ተማሪው ቀድሞ የሚያስበው «ገና»ን እና «ገና»ን ነው።

«ከምት ወጣ»ን ደግሞ ለትክክለኛው ቦታው ያቆዩት። ግራ እጁ ሲነሣ ቀኙ ለተንገዳገደው ልጅ ያስፈልግዎታል።